«373 እና 374 ያው ናቸው» ተብዬ የገዛሁት ቺፕ፦ ላች፣ ፍሊፕ-ፍሎፕ እና የክሎክ ፍጥነት ገደብ

ብሬድቦርድ_ጀማሪ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ባለ 8 ቢት ቆጣሪ ከደማሪ ቺፖች ለመሥራት እየሞከርሁ ነው። ሁለት 74HC283 ጎን ለጎን አስቀምጬ የታችኛው ካሪ ወደ ላይኛው እንዲገባ አገናኝቻለሁ። ድምሩ ወደ አንድ ባለ 8 ቢት መዝገብ ይገባል፤ ከመዝገቡ የሚወጣው ቁጥር ደግሞ ተመልሶ የደማሪው አንዱ ግብዓት ይሆናል። በሌላኛው ግብዓት ላይ 1 ቁጥርን በቋሚነት ስላሰርሁ፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ በተጫንሁ ቁጥር ቁጥሩ በአንድ ማደግ ነበረበት።

ንድፉ የሚጠይቀው 74HC374 ነበር። ሱቅ ውስጥ ስላልነበረ ሻጩ 74HC373 ሰጠኝና «ያው ነው፣ እግሮቹም አንድ ናቸው» አለኝ። የሁለቱን ዳታሺት ሳስተያይ እግሮቹ በእርግጥ አንድ ሆነው አገኘኋቸው፤ የሚለየው የ11ኛው እግር ስም ብቻ ነው፤ በ373 «latch enable»፣ በ374 «clock» ይባላል። ሆኖም ቁልፉን ስጫን ስምንቱም መብራቶች ደብዘዝ ብለው ይበራሉ፤ ስለቅቀው ደግሞ ምንም ሥርዓት የሌለው ቁጥር ላይ ይቆማሉ። ቀስ ብዬ ብጫንም ለውጥ የለውም። የላችና የፍሊፕ-ፍሎፕ ልዩነት ይህን ያህል ነው? ወረዳው ሲስተካከልስ እስከ ስንት ሜጋኸርዝ ሊሄድ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ሽቦ_ቀጣይ

ወንድሜ፣ ችግሩ ከቺፑ ሳይሆን ከቁልፉ ነው። በቁልፉ ውስጥ ያለው ብረት ሲነካካ ጥቂት ጊዜ ይነጥራል፤ አንዱ ጭነት ለቺፑ እንደ አምስትና ስድስት ጭነት ሆኖ ይደርሰዋል። ተከላካይና ካፓሲተር አድርገህ በ74HC14 በኩል አሳልፈው፤ ይስተካከላል። 373 እና 374 ሁለቱም ማስታወሻ ናቸው፤ ያን ያህል አይራራቁም።

ብሬድቦርድ_ጀማሪ

አመሰግናለሁ። እንዳሉት አድርጌ ሞከርሁት፤ ምንም አልተለወጠም። ቁልፉን አውልቄ ባለ 1 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር ሳስገባም መብራቶቹ ያው ናቸው።

ጥቁር_ሰሌዳ

ሽቦ_ቀጣይ የጠቀሱት የብረት መንጠር እውነተኛ ችግር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ምልክቱ ሌላ ነገር ይናገራል። ቁልፍ ሲነጥር ቁጥሩ በሦስት ወይም በአምስት ዘሎ ይቆማል እንጂ፣ ጣት ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ መብራቶቹ ደብዘዝ ብለው አይቆዩም። ደብዛዛ መብራት ማለት ቢቱ ዓይን ሊከተለው ከሚችለው በላይ እየተገለባበጠ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉ ተጭኖ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ቆጣሪው ያለማቋረጥ እየሮጠ ነው።

የሚሮጥበት ምክንያት በዚያ በ11ኛው እግር ስም ውስጥ አለ። 373 ላች ነው፤ 11ኛው እግር ከፍ ብሎ በቆየበት ጊዜ ሁሉ በሩ ክፍት ነው፣ በግብዓቱ ያለው ነገር ሁሉ በቀጥታ ወደ ውጤቱ ያልፋል፤ የሚያስታውሰው እግሩ ዝቅ ሲል ብቻ ነው። የእርስዎ ወረዳ ደግሞ ክብ ነው። አዲሱ ድምር በክፍቱ ላች አልፎ ወደ ደማሪው ይመለሳል፣ ደማሪው አንድ ይጨምርበታል፣ ያም እንደገና ያልፋል። በ5 ቮልት በተለመደው የክፍል ሙቀት በላቹ ለማለፍ ወደ 15 ናኖ ሰከንድ፣ በደማሪው ለማለፍ ወደ 20 ናኖ ሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ የታችኞቹ ቢቶች አንድ ዙር ለመጨረስ 35 ናኖ ሰከንድ ያህል ይበቃቸዋል። የ1 ሜጋኸርዝ ክሎክ ከፍ ብሎ የሚቆየው 500 ናኖ ሰከንድ ስለሆነ በአንድ ምት ውስጥ ከአሥር በላይ ዙር ይሄዳሉ። በጣት ሲጫኑት ደግሞ በሩ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዙሮች ክፍት ይሆናል። ስምንቱ ቢቶች እኩል ስለማይዞሩ የሚቆመው ቁጥር ትክክለኛ የዙር ቆጠራ እንኳ አይደለም። ክሎኩን ማዘግየት ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያስተካክለውም።

374 ግን ፍሊፕ-ፍሎፕ ነው። በውስጡ ለእያንዳንዱ ቢት ሁለት ላች በተከታታይ አለ፤ የፊተኛው ክሎኩ ዝቅ ሲል ክፍት ነው፣ የኋለኛው ከፍ ሲል። ሁለቱ በሮች በተራ ስለሚከፈቱ ከግብዓት እስከ ውጤት ወለል ብሎ የሚቆይ መንገድ የለም። ክሎኩ ከታች ወደ ላይ ሲዘል የፊተኛው ይዘጋና ያገኘውን ይዞ ይቆያል፣ የኋለኛው ይከፈትና ያንኑ ያወጣል። አዲሱ ድምር በደማሪው ዞሮ ሲመለስ የፊተኛው በር ተዘግቶ ያገኘዋል፤ እስከሚቀጥለው ዝላይ ድረስ ደጅ ይጠብቃል። በአንድ ምት አንድ ብቻ የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቬሪሎግ_ተማሪ

እኔም ላች የሚባል ነገር እያሠቃየኝ ስለሆነ ጥያቄው ደስ ብሎኛል። ቪቫዶ «inferring latch for variable» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል። እኔ ቺፕ አልቀየርሁም፤ ኮዱም ይኸው ነው፦

```verilog
always @(*) begin
  if (en) q = d;
end
```

374 የሚባለውን በቬሪሎግ እንዴት ላስገባው?

ሐይቅ_ዳር

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ የእርስዎ ነገር ከዚህ ክር ትንሽ ይለያል፤ የሚገዛ ቺፕ የለም። `en` ዜሮ ሲሆን `q` ምን እንደሚሆን አልጻፉም። ካልተጻፈ የድሮውን ይዞ መቆየት አለበት፤ ክሎክ በሌለበት መያዝ የሚችል ነገር ደግሞ ላች ብቻ ስለሆነ መሣሪያው ያንን ሠራልዎት። ፍሊፕ-ፍሎፕ ከፈለጉ እንዲህ ነው፦

```verilog
always @(posedge clk)
  if (en) q <= d;
```

ማስታወስ የማይፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከ`if` በፊት ለ`q` መነሻ ዋጋ ይስጡት።

ብሬድቦርድ_ጀማሪ

ከሁለት ሳምንት ፍለጋ በኋላ 374 አገኘሁ። ሌላ ሽቦ ሳልነካ በቦታው ተክቼው በአንድ ጭነት አንድ ቁጥር ብቻ ይጨምራል፤ ጥቁር_ሰሌዳን ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ አሁን መጣ። ባለ 1 እና ባለ 12 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር ሳስገባ ስምንቱም መብራቶች እኩል ደብዝዘው ይበራሉ፤ ሁሉም እየተገለባበጡ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ባለ 20 ሜጋኸርዙን ሳስገባ ግን የታችኞቹ አራት መብራቶች ደብዝዘው ሲበሩ የላይኞቹ አራት ደርቀው ይቀራሉ። ኃይሉን አጥፍቼ ሳበራ አንዳንድ ጊዜ አራቱም ጠፍተው፣ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ቦግ ብለው በርተው፣ እንደዚያው ሆነው ይቆያሉ።

ጥቁር_ሰሌዳ

ይህን ምልክት በጥሞና ስለመዘገቡት አመሰግናለሁ፤ መልሱ ሙሉ በሙሉ በእሱ ውስጥ አለ።

በትምህርት ቤት ስንደምር «አንድ በእጄ» የምንላት ናት ካሪ። ቁጥሩ 15 ሲደርስ የታችኛው ደማሪ ወደ 0 ሊመለስ ይዘጋጃል፣ ለላይኛው ደግሞ አንድ በእጁ ያቀብለዋል፤ የላይኛው ያን ተቀብሎ የራሱን ድምር ያርማል። ከሁሉም ረጅሙ መንገድ ይህ ነው። ክሎኩ ከዘለለ በኋላ አዲሱ ቁጥር ከ374 እስኪወጣ ወደ 15፣ የታችኛው ደማሪ ካሪውን እስኪያወጣ ወደ 20፣ የላይኛው ድምሩን እስኪያርም ወደ 20 ናኖ ሰከንድ ይሄዳል። ድምሩ በበሩ ላይ መድረሱ ብቻም አይበቃም። የፊተኛው ላች ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ ዋጋ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ራሱን በራሱ በሚደግፈው ቀለበት ላይ መስፈር አለበት፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ጊዜ ሴትአፕ ታይም ይባላል፣ እዚህ 8 ናኖ ሰከንድ እንበለው። ሲደመር፦

```
15 + 20 + 20 + 8 = 63 ns
```

የክሎኩ አንድ ዙር ከዚህ ማነስ አይችልም፤ ወደ ድግግሞሽ ሲለወጥ ከ16 ሜጋኸርዝ ጥቂት ያነሰ ነው። የ12 ሜጋኸርዙ ዙር 83 ናኖ ሰከንድ ስለሆነ ይበቃል፤ የ20ው 50 ብቻ ስለሆነ አይበቃም። የታችኞቹ አራት ቢቶች መንገድ ግን በአንድ ደማሪ ብቻ ስለሚያልፍ 43 ናኖ ሰከንድ ነው፤ በ50ውም ይደርሳሉ። ስለዚህ በ20 ሜጋኸርዝ የታችኞቹ ከ0 እስከ 15 በትክክል ይዞራሉ፣ ካሪው ግን ሁልጊዜ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይደርሳል፤ ምልክትዎ እንደሚያሳየው ደግሞ እስከሚቀጥለው ዝላይ ሳይቆይ ይጠፋል። የላይኞቹም ኃይል ሲበራ የነቁበትን ዋጋ ይዘው ይቀራሉ፤ 374 ማጽጃ እግር ስለሌለው ያ ዋጋ በየጊዜው ይለያያል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የተለመዱ ግምቶች እንጂ ዋስትና አይደሉም። ዳታሺቱ ላይ ከ«ተለመደው» ዓምድ ጎን «ከፍተኛው» የሚል ዓምድ አለ። በዚያ ስንሄድ ለምሳሌ 35፣ 45፣ 45 እና 15 ብንወስድ ድምሩ 140 ናኖ ሰከንድ ይሆናል፤ ያ ወደ 7 ሜጋኸርዝ ነው። የራስዎን ቺፕ አምራች ወረቀት አይተው ይተኩት።

ሽቦ_ቀጣይ

በጠረጴዛው ላይ በ12 ሜጋኸርዝ እየሠራ እያለ 7 ነው ማለት ለእኔ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ነው። አምራቾቹ ራሳቸውን ለመጠበቅ ቁጥሩን እጥፍ ያደርጉታል። ለማንኛውም መርሑ ገብቶኛል፤ ሴትአፕም ሆነ ሆልድ ካልበቃ ክሎኩን ማዘግየት ነው፣ ሁለቱም በዚያ ይፈታሉ።

ማታ_ሠራተኛ

በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አልስማማም፤ እኔን ያጋጠመኝ ተቃራኒው ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ከ74HC74 ባለ አራት ቢት ተሸጋጋሪ መዝገብ ሠራሁ፤ በአንድ ምት ቢቱ አንድ ቦታ ብቻ መሄድ ነበረበት። ሁለተኛውን ቺፕ አንዳንዴ ማስቆም ስለፈለግሁ ክሎኩን በሁለት የ74HC08 በሮች አሳልፌ ሰጠሁት። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ቦታ ሲሻገር ቢቱ አንድ ቦታ እየዘለለ ይሄድ ነበር። ክሎኩን ከሜጋኸርዝ አውርጄ በሰከንድ አንድ ጊዜ አደረግሁት፤ ያው ነው። መጨረሻ ላይ በሮቹን አውጥቼ ሽቦውን በቀጥታ አገናኘሁት፤ ተስተካከለ። ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን በውል አላውቅም።

ጥቁር_ሰሌዳ

ማታ_ሠራተኛ ያመጡት ምሳሌ ሽቦ_ቀጣይ ላሉት ትክክለኛ መልስ ነው።

በሩ ሲዘጋ በቅጽበት አይዘጋም፤ ስለዚህ ክሎኩ ከዘለለ በኋላም ግብዓቱ ለጥቂት ጊዜ ባለበት መቆየት አለበት። ሆልድ ታይም ይህ ነው። ሴትአፕ የሚፈተነው ባለፈው ምት ተነሥቶ በዚህ ምት በሚደርስ ዋጋ ነው፤ በመካከላቸው አንድ ሙሉ ዙር ስላለ ዙሩን ማርዘም ይረዳል። ሆልድ ግን በዚሁ በአንድ ምት የተነሣው አዲስ ዋጋ አሮጌውን ቀድሞ እንዳያባርረው ነው የሚጠብቀው። ሁለቱም ወገን የሚነሣው ከአንድ ዝላይ ስለሆነ የዙሩ ርዝመት በሂሳቡ ውስጥ የለም፤ በሰከንድ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን ውጤቱ አንድ ነው።

በእርስዎ ወረዳ ሁለተኛው ፍሊፕ-ፍሎፕ ክሎኩን ወዲያው አግኝቶ አዲሱን ቢት በ15 ናኖ ሰከንድ ገደማ ያወጣል። ሦስተኛው ግን ክሎኩን የሚያገኘው በሁለት በሮች ዞሮ፣ እያንዳንዱ 9 ቢሆን፣ ከ18 ናኖ ሰከንድ በኋላ ነው። ሆልዱን ዜሮ ብንለው እንኳ፣ አዲሱ ቢት በሩ ከመዘጋቱ 3 ናኖ ሰከንድ ቀድሞ ደርሷል፤ ሦስተኛው ሊይዘው የሚገባው አሮጌው ነበር፣ የያዘው አዲሱን ነው። ቢቱ ቦታ የዘለለ የመሰለዎት ለዚህ ነው። ቺፑን ማስቆም ከፈለጉ ክሎኩን አይንኩት፤ ከግብዓቱ በፊት እንደ 74HC157 ያለ መራጭ ያስገቡና፣ ማቆም ሲፈልጉ ፍሊፕ-ፍሎፑ የራሱን ዋጋ መልሶ እንዲይዝ ያድርጉት።

የመጀመሪያው ጠያቂ ቆጣሪ ከዚህ ችግር የዳነው በመንገዱ ላይ ደማሪ ስላለ ነው፤ ምንም ዋጋ ከ35 ናኖ ሰከንድ በፊት አይመለስም። አንድ ነገር ልጨምር፤ የዘገየ ክሎክ ሆልድን ሲጎዳ ሴትአፕን ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ለሚደርሰው ዋጋ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል። ለሆልድ ብለን በአጭሩ መንገድ ላይ መዘግየት ስንጨምር ደግሞ ያ መንገድ ከረጅሙ ጋር የሚጋራው ክፍል ካለ ዙሩ ይረዝማል። ሆልድ በፍጥነት ላይ ጫና የሚያሳድረው በዚህ በኩል እንጂ በቀጥታ አይደለም።

ብሬድቦርድ_ጀማሪ

ለሽቦ_ቀጣይ አንድ ሙከራ አድርጌላቸዋለሁ። ኦሲሌተሬ ከ3.3 ቮልት ጀምሮ ስለሚሠራ፣ ክሎኩን በ12 ሜጋኸርዝ እንዳለ ትቼ የጠቅላላውን ወረዳ ኃይል ከ5 ወደ 3.3 ቮልት ቀስ ብዬ አወረድሁት። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የላይኞቹ አራት መብራቶች ደረቁ፤ የታችኞቹ ግን መዞራቸውን ቀጠሉ። ቮልቱን መልሼ ከፍ ሳደርገው ሁሉም ተመለሱ። ኦሲሌተሩን ሳልነካ ያንኑ የ20 ሜጋኸርዝ ምልክት አየሁት ማለት ነው።

ሽቦ_ቀጣይ

ይህን አልጠበቅሁም። እሺ፣ 12 ሜጋኸርዝ በ5 ቮልትና በዚህ ሙቀት ብቻ ነው እንበል። ሆኖም ሁልጊዜ በ5 ቮልት ቤት ውስጥ ለሚሠራ ነገር 7 ላይ መታሰር አለብን የሚለውን አሁንም አልተቀበልሁትም።

አሮጌ_መሐንዲስ

ላች እንዲህ ሲወቀስ ዝም ማለት አልቻልሁም። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው አልፋ 21064 ፕሮሰሰር በላች የተሠራ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እስከ 200 ሜጋኸርዝ ይሄድ ነበር። በፍሊፕ-ፍሎፕ ሲሠራ አንዱ ደረጃ 60፣ ቀጣዩ 40 ናኖ ሰከንድ ቢፈጅ ዙሩ በ60ው ይታሰራል፤ የ40ው ትርፍ ይባክናል። በላች ግን የዘገየው ዋጋ ሲደርስ በሩ ገና ክፍት ስለሆነ አልፎ ይሄዳል፣ ከቀጣዩ ደረጃ ጊዜ ይበደራል፤ ሁለቱ በአማካይ 50 ሆነው ይሄዳሉ። ዋጋው ጥቁር_ሰሌዳ የገለጹት ነው፤ አጭሩ መንገድ በሩ ሳይዘጋ እንዳይዞር መንገዶቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ለጠያቂውም እንዲህ እላለሁ። በ373ም ቢሆን የክሎኩን ምት አጥብበው ከ35 ናኖ ሰከንድ በታች ቢያደርጉት፣ በሩ አንድ ዙር ሳይጠናቀቅ ስለሚዘጋ ቆጣሪው ይሠራ ነበር።

ጥቁር_ሰሌዳ

በመርሕ ደረጃ ልክ ነዎት፤ ለብሬድቦርድ ግን አልመክረውም። ምቱ ላቹ ዋጋውን ለመያዝ ከሚያስፈልገው ያነሰ መሆን የለበትም፣ ከአጭሩ ዙር ደግሞ መብለጥ የለበትም። 35 ያልሁት የተለመደው ግምት ነው እንጂ ዝቅተኛው አይደለም፤ አምራቹ ስለ ዝቅተኛው መዘግየት ምንም ቃል አልገባም። ምቱን የሚያጠበው በር እና ደማሪው የተለያዩ ቺፖች ስለሆኑም በሙቀትና በቮልት እኩል አይለወጡም።

አሮጌ_መሐንዲስ

ከአንድ ቺፕ ውስጥ በሚወጡ በሮች ምቱን ማጥበብ ይቻላል፤ በእኔ ጊዜ ሠርቶልን ነበር። ጠያቂው 373ውን ካልጣለው ይሞክረውና ይንገረን።

ብሬድቦርድ_ጀማሪ

አልጣልሁትም። አንድ ትርፍ 74HC14 ስላለኝ ሦስት ገልባጮችን ሰንሰለት አድርጌ የጠበበ ምት ለመሥራት እሞክራለሁ። ምቱን የምለካበት ኦሲሎስኮፕ ግን የለኝም፤ ያለኝ መብራቶቹን ማየት ብቻ ነው። ሁለት ዙር በአንድ ምት ከሄደ ከታች ያለው መብራት ባለበት እንደሚቆይ ገምቻለሁ፤ ይህ ግምት ትክክል ከሆነ ያለ ኦሲሎስኮፕም ልለየው እችላለሁ።

ጥቁር_ሰሌዳ

ግምትዎ ለታችኛው ቢት ትክክል ነው። ነገር ግን ሁለት ዙር ሄዶ መቆሙን እና ምቱ በጣም ጠቦ ላቹ ጨርሶ አለመክፈቱን በዚያ መብራት ብቻ መለየት አይችሉም፤ በሁለቱም ጊዜ አይንቀሳቀስም። ከታች ሁለተኛውን ቢት አብረው ይመልከቱ፤ ሁለት ዙር ከሄደ እሱ በየምቱ ይገለበጣል፣ ላቹ ካልከፈተ ግን እሱም ደርቆ ይቀራል።